ያዘነበለ የገቢ ዳታ ሲሰጥዎ፦ አማካይ፣ ሚዲያን ወይስ ሞድ? ለስታትስቲክስ አሳይንመንት የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በዲስክሪፕቲቭ ስታትስቲክስ ኮርስ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ አሳይንመንት አለ። የአንድ አካባቢ ቤተሰቦች ገቢ ይሰጥና «የተለመደውን ቤተሰብ ገቢ በአንድ ቁጥር ግለጹ፤ ያንን ቁጥር የመረጣችሁበትንም ምክንያት አስረዱ» ይባላል። አማካይን፣ ሚዲያንንና ሞድን ማስላት አብዛኛውን ተማሪ አያስቸግርም፤ ማርክ የሚቀነሰው ምክንያቱን በሚያስረዳው ክፍል ላይ ነው። የተማሪዎችን ሥራ ሳርም ከሁሉ በላይ የማገኘው መልስ «ዳታው አውትላየር ስላለው ሚዲያንን ተጠቅሜያለሁ» የሚል አንድ መስመር ነው። ይህ መልስ ስሕተት ባይሆንም፣ የራቀው ቁጥር የትኛው እንደ ሆነ፣ አማካዩን ምን ያህል እንደ ጎተተው፣ ሚዲያንም ለተጠየቀው ጥያቄ ለምን እንደሚስማማ ምንም አይናገርም።

ስለዚህ ከዚህ በታች አንድ ዳታ ይዘን ከመጀመሪያው ንባብ እስከ መጨረሻው የመልስ አንቀጽ ድረስ አብረን እንሄዳለን። ዳታው ለልምምድ ብዬ ያዘጋጀሁት ነው፤ የ15 ቤተሰቦችን ወርሃዊ ገቢ በብር ያሳያል፤ ከትንሹ ወደ ትልቁም ተደርድሯል።

4,500 · 5,000 · 6,000 · 6,000 · 6,000 · 7,200 · 8,000 · 8,500 · 9,000 · 10,500 · 12,000 · 14,000 · 16,500 · 35,000 · 120,000

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ላስቀድም። በዕለት ተዕለት ንግግራችን «በአማካይ» የምንለው ለማንኛውም ግምት ነው፤ «መካከለኛ ገቢ» ስንል ደግሞ ሀብታምም ድኻም ያልሆነን ሰው ማለታችን ነው። በአሳይንመንት ላይ እነዚህ ቃላት ከስታትስቲክሱ ትርጉም ጋር እንዳይደባለቁ፣ እዚህ «አማካይ» የምለው ድምሩ ለቁጥሮቹ ብዛት ሲካፈል የሚገኘውን ብቻ ነው፤ በተደረደረው ዳታ መሐል ላይ የሚገኘውን ደግሞ ሚዲያን፣ ከሁሉ በላይ የተደጋገመውን ሞድ እላለሁ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄው ምን እንደሚፈልግ ይለዩ

ካልኩሌተር ከማንሳትዎ በፊት የጥያቄውን ግስና ስም በእርሳስ ያስምሩበት። «የተለመደ ቤተሰብ» የሚል ጥያቄ በሰልፉ መሐል ስለ ቆመው ሰው ይጠይቃል። «የአካባቢው ጠቅላላ ገቢ» ወይም «ለእያንዳንዱ እኩል ቢከፋፈል» የሚል ጥያቄ ስለ ድምሩ ይጠይቃል። «ብዙ ቤተሰቦች የሚገኙበት የገቢ እርከን» የሚለው ደግሞ ስለ ድግግሞሽ ነው። ምርጫው የሚወሰነው በዳታው ቅርጽ ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ቅርጹ የሚነግረን ሦስቱ ቁጥሮች ምን ያህል እንደሚራራቁ ነው፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚነግረን ጥያቄው ነው። የእኛ አሳይንመንት «የተለመደው ቤተሰብ» ስለሚል በመጀመሪያው ዓይነት ውስጥ ይወድቃል።

ደረጃ 2፦ ዳታው በትክክል መግባቱን ያረጋግጡ

በኤክሴል ሲሠሩ ቁጥሮቹን ከ A2 እስከ A16 ያስገቡና ከሁሉ በፊት ይህን ይጻፉ።

```
=COUNT(A2:A16)
```

መልሱ 15 መሆን አለበት። 14 ከመጣ አንዱ ሴል ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው አንድ ሰው «12,000 ብር» ብሎ ከነመለኪያው ሲያስገባ ነው። የሴሉ አሰላለፍ ካልተለወጠ፣ ቁጥር በሴሉ ቀኝ ጠርዝ፣ ጽሑፍ ደግሞ በግራ ጠርዝ ስለሚቀመጥ በዓይን እንኳ ይታያል። ይህ ስሕተት አደገኛ የሚሆነው ኤክሴል ምንም ማስጠንቀቂያ ስለማይሰጥ ነው፤ ጽሑፉን ዘልሎ የቀሩትን 14 ቁጥሮች ይደምርና አማካዩን 18,300 ይላል፤ ትክክለኛው ግን፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ 17,880 ነው።

ባዶ ሴልና ዜሮም አንድ አይደሉም። ባዶውን ኤክሴል ይዘለዋል፤ ዜሮውን ግን እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጥረዋል። መጠይቁን ያልመለሰ ሰው በዜሮ ከተመዘገበ አማካዩም ሚዲያኑም ያለ አግባብ ዝቅ ይላሉ፤ በእውነት ገቢ የሌለው ቤተሰብ ባዶ ሆኖ ከታለፈ ደግሞ ድኻው ከዳታው ተሰርዟል ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ቅርጹን በዓይን ይዩ

ቁጥሮቹን በ10,000 ብር ስፋት ከፍለን ብንቆጥራቸው፣ ከ10,000 በታች 9 ቤተሰቦች፣ ከ10,000 እስከ 19,999 ድረስ 4 ቤተሰቦች፣ ከ20,000 እስከ 29,999 ማንም፣ ከ30,000 እስከ 39,999 አንድ ቤተሰብ እናገኛለን፤ ከዚያ በኋላ ረጅም ባዶ ቦታ ይቀጥልና 120,000 ላይ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቆሟል። ሂስቶግራም ቢሠሩለት ረጃጅሞቹ ዓምዶች በግራ ተከምረው፣ ቀጭን ጅራት ወደ ቀኝ ሲዘረጋ ያያሉ። ወደ ቀኝ ያዘነበለ ስርጭት የሚባለው ይህ ነው፤ ስሙ የሚወጣለት ክምሩ ባለበት ሳይሆን ጅራቱ በሚሄድበት አቅጣጫ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ብዙ ተማሪ ክምሩን አይቶ «ወደ ግራ ያዘነበለ» ብሎ ይጽፋልና።

የገቢ ዳታ ይህን ቅርጽ የሚይዘው በአጋጣሚ አይደለም። ገቢ ከታች ወለል አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ አይወርድም። ከላይ ግን ጣሪያ የለውም፤ የቤት ኪራይ የሚሰበስብ፣ ድርጅት ያለው ወይም ከውጭ አገር ብር የሚላክለት ቤተሰብ የጎረቤቱን ዐሥር እጥፍ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ የሚዘረጋው የቀኙ ጅራት ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ ሦስቱንም ያስሉ፤ ጎን ለጎንም ያስቀምጡ

የ15ቱ ቁጥሮች ድምር 268,200 ነው፤ ለ15 ሲካፈል አማካዩ 17,880 ብር ይሆናል። ዳታው 15 ስለ ሆነ ሚዲያኑ በተደረደረው ሰልፍ ላይ 8ኛው ቁጥር ነው፤ ከሥሩ 7፣ ከበላዩ 7 አሉ፤ እርሱም 8,500 ብር ነው። ሦስት ጊዜ የተደጋገመው ቁጥር 6,000 ስለ ሆነ ሞዱ እርሱ ነው። ዳታው ሳይደረደር መሐል ላይ ያለውን ቁጥር ማንሳት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ኤክሴል ራሱ ስለሚደረድር ይህ የሚያጋጥመው በእጅ ሲሠራ ነው።

```
=AVERAGE(A2:A16)
=MEDIAN(A2:A16)
=MODE.SNGL(A2:A16)
```

አሁን አንድ መስመር ይጨምሩ፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህን ነው።

```
=COUNTIF(A2:A16,"<"&AVERAGE(A2:A16))
```

መልሱ 13 ነው። ከ15 ቤተሰቦች 13ቱ ከአማካዩ በታች ናቸው ማለት ነው። አማካዩን «የተለመደው ቤተሰብ ገቢ» ብሎ የሚያቀርብ ሰው፣ ከዐሥራ አምስቱ ሁለቱ ብቻ የደረሱበትን ገቢ የሁሉም አስመስሎ አቅርቧል። ከዚህም በላይ ለ17,880 የሚቀርበው ቤተሰብ 16,500 ያለው ሲሆን፣ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው 35,000 ላይ ነው፤ አማካዩ ያረፈው ማንም በሌለበት ቦታ ላይ ነው። ይህችን አንዲት ቁጥር በመልስዎ ውስጥ ካስገቡ፣ አራሚው ነገሩን እንደ ተረዱት ወዲያው ያውቃል።

ይህ በትንሽ ዳታ ላይ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። የአሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር ለ2022 ባወጣው የደመወዝ ስታትስቲክስ አማካዩ 61,220 ዶላር ገደማ፣ ሚዲያኑ ደግሞ 40,847 ዶላር ገደማ ነበር፤ ከደመወዝተኞቹም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከአማካዩ በታች ነበሩ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ባሉበት ዳታ ውስጥም ጅራቱ አማካዩን ወደ ራሱ ይስበዋል።

በእኛ ዳታ ሞዱ ከሚዲያኑ፣ ሚዲያኑም ከአማካዩ ያንሳል። ወደ ቀኝ ባዘነበለ ስርጭት ብዙውን ጊዜ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ሆኖም የማይፈርስ ሕግ አይደለም፤ በተለይ ሞዱ በትንሽ ዳታ ውስጥ የትም ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ማዘንበሉን ሲያስረዱ በቅደም ተከተሉ ብቻ ሳይሆን በሂስቶግራሙም ይደግፉት።

ደረጃ 5፦ አማካዩን የጎተተውን ቁጥር ይፈትኑ

«አውትላየር አለ» ማለት አይበቃም፤ የሳበውን መጠን ማሳየት ይገባል። 120,000ን ለጊዜው ያስወጡና እንደገና ያስሉ። የቀሩት 14 ቁጥሮች ድምር 148,200፣ አማካያቸው ደግሞ 10,586 ብር ገደማ ነው። ሚዲያኑ አሁን በ7ኛውና በ8ኛው ቁጥር መካከል ስለሚውል 8,250 ይሆናል። አንድ ቤተሰብ ሲወጣ አማካዩ ከ7,000 ብር በላይ ወረደ፤ ሚዲያኑ ግን የወረደው 250 ብር ብቻ ነው። በተቃራኒው 120,000ን ወደ 240,000 ቢያሳድጉት አማካዩ 25,880 ይደርሳል፤ ሚዲያኑ ከ8,500 ንቅንቅ አይልም፤ ምክንያቱም ሚዲያን የሚያየው ከእርሱ በላይ ስንት ሰው እንዳለ እንጂ ያ ሰው ምን ያህል እንደ ራቀ አይደለም።

ይህ ፈተና ነው፤ ማጽዳት አይደለም። ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ እንዲህ ያለ ቁጥር አግኝቼ «ያስቸግራል» ብዬ ሰርዤ፣ መሰረዜንም ሳልጠቅስ አስረክቤ ነበር፤ መምህሬ በኅዳጉ ላይ የጻፉልኝ «ይህ ቤተሰብ የት ሄደ?» የሚል ጥያቄ ብቻ ነበር። ጥያቄው እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ። የራቀ ቁጥር የሚወጣው ስሕተት መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

ስሕተት ሊሆን የሚችለውም በሚታወቁ መንገዶች ነው። መጀመሪያ ዜሮ ተጨምሮ 12,000 የነበረው 120,000 ሆኖ እንደ ሆነ ይጠይቁ። ቀጥሎ መላሹ በወር ተጠይቆ የዓመት ገቢውን ነግሮ እንደ ሆነ ይመልከቱ፤ 120,000 ለ12 ሲካፈል 10,000 ይሆናል፤ ይህም ከሌሎቹ ቤተሰቦች ጋር በደንብ ስለሚመሳሰል በቁም ነገር ሊጠረጠር የሚገባው ጉዳይ ነው። ቁጥሩ በእውነት 10,000 ቢሆን አማካዩ 10,547 ገደማ ይሆን ነበር፤ ሚዲያኑ ግን ያው 8,500 ነው። መጠይቁ በእጅዎ ካለ ተመልሰው ያዩታል። ከሌለ ግን ቁጥሩን እንደ ተሰጠ ይተዉትና ጥርጣሬዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጥቀሱ፤ በግምት ማረም ከመሰረዝ አይሻልም።

አሳይንመንቱ አውትላየርን በደንብ መለየት ከጠየቀ የኳርታይሉን መንገድ ይጠቀሙ። ከሚዲያኑ በታች ያሉት ሰባት ቁጥሮች መሐል 6,000፣ ከሚዲያኑ በላይ ያሉት ሰባቱ መሐል 14,000 ነው፤ ልዩነታቸው 8,000 ይሆናል። የዚህን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 12,000ን፣ በ14,000 ላይ ሲጨምሩ 26,000 ያገኛሉ፤ ስለዚህ 35,000ም 120,000ም ከድንበሩ ውጭ ናቸው። በኤክሴል `QUARTILE.EXC` ይህንኑ 14,000 ይሰጥዎታል፤ `QUARTILE.INC` ግን 13,000 ይላል። ሁለቱም የታወቁ አሠራሮች ስለ ሆኑ ከጓደኛዎ መልስ ጋር ሳይገጥም ቢቀር አይደንግጡ፤ የትኛውን እንደ ተጠቀሙ መጻፍ ብቻ ይበቃል።

ደረጃ 6፦ ሞድን ከማመንዎ በፊት ምን እንደሚለካ ይጠይቁ

6,000 ሞድ የሆነው ሦስት ቤተሰቦች በትክክል አንድ ዓይነት ገቢ ስላላቸው ላይሆን ይችላል። ሰው ገቢውን ሲጠየቅ 5,870 አይልም፤ «ስድስት ሺህ» ይላል። ስለዚህ በገቢ ዳታ ላይ ሞድ ብዙ ጊዜ የሚለካው የሰዎችን ቁጥር የማጠጋጋት ልማድ ነው። ገቢው እስከ ሳንቲም ድረስ ከደመወዝ መዝገብ የተወሰደ ቢሆን ምናልባት አንድም ቁጥር ላይደጋገም ይችላል፤ ያን ጊዜ ኤክሴል `#N/A` ይላል፤ ይህም የእርስዎ ስሕተት ሳይሆን ሞድ የለም ማለት ነው። ሁለት ቁጥሮች እኩል ከተደጋገሙ ደግሞ `MODE.SNGL` አንዱን ብቻ ያሳይና ሌላውን ይሸሽጋል፤ ሁሉንም ለማየት `MODE.MULT` ያስፈልጋል።

ሞድ በገቢ ዳታ ላይ ጠቃሚ የሚሆነው እርከን ሲኖር ነው፤ ለምሳሌ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠራተኞች በተወሰኑ የደመወዝ ደረጃዎች ሲከፈላቸው፣ ብዙ ሠራተኛ ያለበትን ደረጃ ማወቅ ትርጉም አለው። ለእኛ የቤተሰብ ዳታ ግን ሞዱን እንደ ተጨማሪ መረጃ ብቻ ጠቅሰው ይለፉት።

ደረጃ 7፦ አማካይ ትክክል የሚሆንበትን ጊዜ ይወቁ

ከዚህ ሁሉ በኋላ «አማካይ ለገቢ አይሆንም» ብሎ መደምደም ሌላ ስሕተት ነው። አማካይ ሚዲያን የሌለው አንድ ባሕርይ አለው፤ በቁጥሮቹ ብዛት ሲባዛ ድምሩን ይመልሳል። የእነዚህ 15 ቤተሰቦች ጠቅላላ ወርሃዊ ገቢ ምን ያህል ነው ቢባል 17,880 በ15 ተባዝቶ 268,200 ይመጣል። ሚዲያኑን በ15 ብናባዛው ግን 127,500 እናገኛለን፤ ይህም ከእውነተኛው ድምር ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከአካባቢው ሊሰበሰብ ስለሚችል ግብር ወይም መዋጮ የሚጠይቅ አሳይንመንት ላይ ዳታው ምንም ያህል ቢያዘነብል ትክክለኛው መነሻ አማካዩ ነው። 120,000 የሚያገኘው ቤተሰብ እዚያ ላይ የሚረብሽ ቁጥር አይደለም፤ የድምሩን 45 በመቶ ያህል ብቻውን የያዘ ቤተሰብ ነው።

ደረጃ 8፦ ዳታው በሠንጠረዥ ከመጣ

አንዳንድ ጊዜ ጥሬ ቁጥሮቹ አይሰጡም። ሠንጠረዡ ከ5,000 በታች 1፣ ከ5,000 እስከ 10,000 ድረስ 8፣ ከ10,000 እስከ 20,000 ድረስ 4፣ 20,000 እና ከዚያ በላይ 2 ቤተሰቦች ሊል ይችላል። የመጨረሻው ክፍል የላይኛው ወሰን ክፍት ስለ ሆነ የመሐል ነጥቡ አይታወቅም፤ አማካይ ለማስላት አንድ ቁጥር ከራስዎ መገመት ይኖርብዎታል፤ ግምቱም መልሱን እንዳሻው ያወዛውዘዋል። ሚዲያኑ ግን በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ስለሚወድቅ ይህ ክፍተት አይነካውም።

```
L + ((n/2 - F) / f) * w
5000 + ((7.5 - 1) / 8) * 5000 = 9062.5
```

እዚህ n የቤተሰቦቹ ብዛት፣ L ሚዲያኑ ያለበት ክፍል የታችኛው ወሰን፣ F ከእርሱ በፊት የተጠራቀመው ድግግሞሽ፣ f የክፍሉ ድግግሞሽ፣ w ስፋቱ ነው። 9,062.5 ከእውነተኛው 8,500 የተለየው ቀመሩ ስምንቱን ቤተሰቦች በክፍሉ ውስጥ እኩል ተራርቀው እንደ ተቀመጡ ስለሚቆጥራቸው ነው፤ ስለዚህ በመልስዎ ላይ «በግምት» የሚለውን ቃል አይርሱ።

ደረጃ 9፦ ከሚዲያኑ ጋር ተስማሚውን የስርጭት መለኪያ አቅርበው መልሱን ይጻፉ

ሚዲያንን መርጠው ከጎኑ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን መጻፍ ክርክርዎን ያፈርሰዋል። የዚህ ዳታ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 29,246 ብር ገደማ ነው፤ ከአማካዩ ላይ ቢቀንሱት ከዜሮ በታች የሆነ ገቢ ያገኛሉ፤ ያ ደግሞ እዚህ ዳታ ውስጥ ትርጉም የለውም። ከሚዲያን ጋር የሚሄዱት ሁለቱ ኳርታይሎች ናቸው፤ መካከለኛው ግማሽ ቤተሰብ በየትኞቹ ገቢዎች መካከል እንደሚገኝ ይናገራሉ።

ሁሉንም አንድ ላይ ስናደርገው መልሱ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል።

«የ15ቱ ቤተሰቦች ወርሃዊ ገቢ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው፤ ዘጠኙ ከ10,000 ብር በታች ሲያገኙ አንዱ 120,000 ብር ያገኛል። ጥያቄው ስለ ተለመደው ቤተሰብ ስለ ሆነ ሚዲያንን መርጫለሁ፤ እርሱም 8,500 ብር ሲሆን፣ መካከለኛው ግማሽ በ6,000 እና በ14,000 ብር መካከል ይገኛል። አማካዩ 17,880 ብር ነው፤ ይሁን እንጂ ከ15 ቤተሰቦች 13ቱ ከዚህ በታች ናቸው፤ ትልቁ ቁጥር ቢወጣ አማካዩ ወደ 10,586 ሲወርድ ሚዲያኑ ወደ 8,250 ብቻ ይወርዳል። ትልቁ ቁጥር ስሕተት መሆኑ ስላልተረጋገጠ በዳታው ውስጥ ቆይቷል። ሞዱ 6,000 ብር ቢሆንም፣ መላሾች ገቢያቸውን ወደ ሙሉ ሺህ ስለሚያጠጋጉ ሊሆን ስለሚችል አልተመረኮዝኩበትም።»